ሴሚ ወይስ ፉል አውቶማቲክ? ልቡ ለሁለት ለተከፈለ ገዢ የማመዛዘኛ ካሩሰል አሠራር

«ልጄ፣ ሁለቱንም አየሁ፤ የቱን ልውሰድ?» የቤት ዕቃ ሱቅ ውስጥ የሠራ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ አብዝቶ የሚሰማው ጥያቄ ይህ ነው። አሁን አሁን ጥያቄው በቴሌግራምና በኢንስታግራም በጽሑፍ ስለሚመጣ ክዳኑን ከፍቶ፣ ገንዳውን አሳይቶ ማስረዳት አይቻልም። ለአንድ የአዲስ አበባ የቤት ዕቃ ሱቅ ገጽ እይዝ በነበረበት ጊዜ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆናል ብዬ የሠራሁት የመጀመሪያ ካሩሰል፣ ማለትም በጣት እየተገፋ የሚታይ ተከታታይ ምስል፣ ሦስት ስላይድ ነበረው። በግራ ሴሚ አውቶማቲክ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ በቀኝ ፉል አውቶማቲክ፣ መሃል ላይ ደግሞ አረንጓዴና ቀይ ምልክት የሞላበት ሰንጠረዥ። ፉሉ ዘጠኝ አረንጓዴ አገኘ፣ ሴሚው ሁለት። አንዲት ደንበኛ ከሥሩ «ታዲያ ሴሚውን ለምን ታስመጡታላችሁ?» ብላ ጻፈች።

እሷስ ቀልዳ ነው። ያንኑ ሰንጠረዥ አይቶ ፉሉን የወሰደ ሌላ ሰው ግን በሦስተኛው ቀን ደውሎ ማሽኑ ውሃ አይስብም አለ። ማሽኑ ምንም አልሆነም። ሰውዬው ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በቀረው ቀን የሚጠቀመው መሬት ላይ ካስቀመጠው ሮቶ ነው። የእኔ ሰንጠረዥ አሥራ አንድ ረድፍ ሲኖረው ስለ ውሃ ግፊት የሚል አንድም አልነበረበትም፤ የማጠቢያ ፕሮግራሙ ብዛት፣ የመስኮቱ ስፋት፣ የማዞሪያው መብራት ግን ተደርድሯል። ረድፎቹን የወሰድኩት ከካርቶኑ ጀርባ ነበራ።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬ ተቀየረ። ከዚህ በታች ያንኑ የሴሚና የፉል ንጽጽር ይዤ ደረጃ በደረጃ አሳያችኋለሁ። ፍሪጅም ይሁን ምድጃ ለምትሸጡ፣ ሥራው ያው ነው።

መጀመሪያ፦ ረድፎቹን ከገዢ አፍ ልቀሙ

ካንቫ አትክፈቱ፤ ወረቀት ያዙ። የገጻችሁን የመልእክት ሳጥን ከፍታችሁ ስለ ሁለቱ ዕቃዎች የተጠየቁ የመጨረሻዎቹን ሠላሳ ያህል መልእክቶች አንብቡና ጥያቄዎቹን ሰዎቹ በጻፉበት ቃል ገልብጡ። «ውሃ ሲጠፋ ይሠራል?» «መብራት መሃል ላይ ቢሄድስ?» «ብርድ ልብስ ይችላል?» «ቆጣሪ አይበላም?» ተመሳሳዮቹን ስትሰበስቡ ስድስት ሰባት ጉዳይ ይቀራል። ሰው በእውነት የሚጨነቅበት ያን ያህል ነው።

ከዚያ ሁለት ጊዜ ቀንሱ። አንደኛ፣ ሁለቱም እኩል የሆኑበትን ነገር አውጡ። ሁለቱም 7 ኪሎ ከሆኑ፣ ዋስትናቸውም አንድ ከሆነ፣ ለዚህ ስላይድ አይሰጥም፤ በመጀመሪያው ስላይድ ግርጌ አንድ መስመር ይበቃዋል። ሁለተኛ፣ ልዩነቱ ቁጥር ሆኖ ታይቶ ገዢው ቤት የማይደርሰውን አውጡ። አሥራ አምስት ፕሮግራም ካለው ማሽን ላይ ብዙ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚጠቀመው ሁለቱን ወይም ሦስቱን ነው። ይህ ረድፍ ፉሉን ያለ ሥራ ያሸልመዋል።

የቀሩትን ስትደረድሩ አንዱን ዕቃ ጨርሶ ሊጥል የሚችለው ጥያቄ ይቅደም፤ ሚዛኑን ትንሽ ብቻ የሚያዘነብለው ኋላ ይምጣ። ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ፊተኛው ውሃ ነው። ቤቱ ግፊት ከሌለው ስለ ጭመቃ ማውራቱ ምን ይረባል?

በዚሁ ወረቀት ላይ የምታወዳድሩትን ሞዴል በስም ጻፉ። እዚህ ላይ ብዙ ሱቅ ያጭበረብራል፤ አንዳንዴም ሳያውቀው። ትልቁን ምርጥ ፉል ከትንሹ ርካሽ ሴሚ ጋር ያቆምና «አያችሁ!» ይላል። ኪሎአቸው አንድ ይሁን፤ ሁለቱም በእጃችሁ ያሉ፣ ዛሬ የሚሸጡ ይሁኑ።

ሁለተኛ፦ ለሁለቱም አንድ መስፈሪያ

አብዛኛው ንጽጽር የሚዛባው እዚህ ነው፤ የሚዛባውም በውሸት አይደለም። ቁጥሮቹ እውነት ሆነው ሳለ ሲቆሙ ያሳስታሉ።

በ1996 ክሪስቶፈር ሺ የተባለ የባሕሪ ተመራማሪ አንድ ሙከራ አሳትሞ ነበር። ሁለት ያገለገሉ የሙዚቃ መዝገበ ቃላት አሉ፤ አንዱ 10,000 ቃል ያለውና እንደ አዲስ የሆነ፣ ሌላው 20,000 ቃል ያለው ግን ሽፋኑ የተቀደደ። ሰዎች አንዱን ብቻ ሲያዩ ንጹሑን በአማካይ 24 ዶላር፣ የተቀደደውን 20 ዶላር እንገዛዋለን አሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያዩት ግን ንጹሑን ወደ 19 አወረዱት፣ የተቀደደውን ወደ 27 አወጡት። ብቻውን ሲቆም ትርጉም ያልነበረው የቃል ብዛት ጎኑ ሌላ ቁጥር ሲቆምለት ተናገረ። በዚህኛው ምሳሌ መናገሩ ለበጎ ነው። ችግሩ ግን ጎን ለጎን የቆመ ማንኛውም ቁጥር፣ ረብ የሌለውም ጭምር፣ እንዲሁ ይናገራል። ካሩሰል ደግሞ ሥራው ቁጥር ጎን ለጎን ማቆም ነው።

ከእኛ ማሽኖች ምሳሌ ልስጥ። ሴሚው ላይ መጭመቂያው በደቂቃ 1300 ዙር ይዞራል ይላል፣ ፉሉ ላይ 1200። ሁለቱን ባንድ ስላይድ ብታስቀምጡ አንባቢ ሴሚው ይበልጣል ብሎ ይሄዳል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የሴሚው መጭመቂያ ጠባብ ነው፤ ወርዱ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ። የፉሉ ከበሮ 48 ገደማ ነው። ውሃውን ከጨርቁ የሚያስወጣው ግፊት የሚወሰነው በዙሩም በስፋቱም ነው፤ ስፋቱን በዙሩ፣ ውጤቱን ደግሞ እንደገና በዙሩ ስታባዙት በእነዚህ ልኮች የፉሉ ከሴሚው ወደ 1.8 እጥፍ ይመጣል። ይህን ሁሉ ስላይድ ላይ ማስረዳት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። መስፈሪያውን ቀይሩት።

እኔ ያደረግኩት ይህን ነው። አንድ ዓይነት ሁለት ፎጣ ገዛሁ፤ ደረቁን በወጥ ቤት ሚዛን መዘንኩ። ሁለቱንም አርጥቤ አንዱን በሴሚው፣ አንዱን በፉሉ አስጨመቅኩና እንደገና መዘንኩ። ደረቁ 500 ግራም የነበረ ፎጣ ከጭመቃ በኋላ 800 ቢመዝን 300 ግራም ውሃ ቀርቶበታል ማለት ነው። ስላይዱ ላይ የሚወጣው ይህ ነው፦ «ከጭመቃ በኋላ ፎጣው ላይ የቀረው ውሃ»። ገመድ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ገዢው ራሱ ይገምታል። ሁለት ጥንቃቄ አለው፤ ፎጣውን ብቻውን ከበሮ ውስጥ ብትጨምሩት ፉሉ ሚዛን አጥቶ መዞሩን ሊያቆም ስለሚችል ሌላ ልብስ ጨምሩበት፣ በሴሚውም ያንኑ ያህል። ደግሞም ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ መካከለኛውን ውሰዱ።

ውሃም እንዲሁ ነው። ባለ 7 ኪሎ ፉል አንድ ሙሉ እጥበት በ50 ሊትር ገደማ ይጨርሳል፤ ማለቅለቂያውም በውስጡ ነው። የሴሚውን «አንድ ገንዳ 50 ሊትር» ከዚህ ጋር ብታቆሙት እኩል ይመስላሉ። ነገር ግን የሴሚው ገንዳ ለሳሙናው አንዴ፣ ለማለቅለቂያው አንዴ ወይም ሁለቴ ይሞላል፤ ስለዚህ ከ100 እስከ 150 ሊትር ነው። ያ ብቻውን ከተጻፈ ደግሞ ሴሚው ይበደላል፤ ምክንያቱም ሴሚ ያላት እናት የነጩን ልብስ የሳሙና ውሃ አትደፋውም፣ ባለቀለሙን ትጨምርበታለች። እናም መስፈሪያችን «ሁለት ዙር ልብስ አጥቦ፣ ሁለቴ አለቅልቆ ለመጨረስ ስንት ጀሪካን» ይሁን። ሊትር በአእምሮ አይሳልም፤ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ግን የተሸከመው ሁሉ ያውቀዋል።

ሰዓት ላይ ያለው ወጥመድ ከሁሉም ይብሳል። የሴሚው ማጠቢያ 15 ደቂቃ ላይ ያቆማል፤ የፉሉ የጥጥ ፕሮግራም ከሁለት ሰዓት በላይ ይሄዳል። «15 ደቂቃ» እና «2 ሰዓት» ብላችሁ ብትጽፉ ሴሚው በረረ። «ቁልፍ ተጭነው ይሂዱ» ብቻ ብትጽፉ ደግሞ ፉሉ በረረ። ሁለት መስመር ያስፈልጋል፤ ማሽኑ የሚቆይበት ጊዜና የሰው እጅ የሚያዝበት ጊዜ። ሴሚው መሙላት፣ ወደ መጭመቂያው ማዛወር፣ ማፍሰስ፣ እንደገና መሙላት ስላለው ሰው አጠገቡ ይቆማል። ፉሉ አምስት ደቂቃ ያህል ይጠይቅና ይለቃል። ቤት ውስጥ አጣቢ ላላት ሴት ሁለተኛው መስመር ብዙም ላያስጨንቃት ይችላል፤ ከሥራ ማታ ለምትገባው ግን ጉዳዩ ያ ብቻ ነው። ሁለቱንም አሳዩ፣ ምርጫውን ለገዢዋ ተዉት።

ሦስተኛ፦ ሸራውን በአማርኛ ልክ ቁረጡ

ሸራው 1080 በ1350 ፒክስል ይሁን። ኢንስታግራም የመጀመሪያውን ስላይድ ልክ ለሁሉም ስለሚጠቀም አንዱ እንኳ ቢለይ ይቆረጣል። በገጻችሁ መደርደሪያ ላይ ሲወጣ ደግሞ ከግራና ከቀኝ ሠላሳ አራት ያህል ፒክስል ይታጨዳል፤ ስለዚህ በየጎኑ 80 ባዶ ተዉ።

አሁን ሒሳቡን እዩ። ከ1080 ላይ ሁለቱ ጠርዝ 160 ይወስዳሉ፣ መሃል ለመለያ 40። የቀረው 880 ለሁለት ሲካፈል ለአንድ ዕቃ 440 ይደርሰዋል። ፊደሉ 48 ፒክስል ከሆነ በዚያ ስፋት ላይ አሥራ ሁለት ፊደል ያህል ነው የሚያርፈው። «ስለማያስፈልገው» ብቻዋን ከመስመሩ ሦስት አራተኛውን ትይዛለች። ከእንግሊዝኛ ካሩሰል የተቀዳ አብነት ላይ አማርኛ ስትጨምሩ ዓምዱ የሚንኮታኮተው ለዚህ ነው። አንዳንዱ መፍትሔ ብሎ ፊደሉን ወደ 28 ያወርዳል። ስልክ ላይ 1080 ፒክስል ወደ ሲሶው ተጨምቆ ነው የሚታየው፤ በዚያ ልክ ቸ እና ቼ፣ ሕ እና ኅ አይለዩም። ከ40 በታች አትውረዱ።

ስለዚህ በየዓምዱ አንድ ትልቅ ቁጥር ወይም አንድ ቃል፣ ከሥሩም እስከ ስድስት ቃል ብቻ። ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር ካለ ከሁለቱ ዓምዶች በታች ሙሉ ወርዱን ይዞ ይተኛ። ግን በዚያ መስመር ላይ ስለ አንዱ ዕቃ ብቻ አትጻፉ፤ ያ ዕቃ ሁለት ጊዜ ተናገረ ማለት ነው። እዚያ ቦታ ላይ የሚጻፈው መስፈሪያው ነው፦ «ሁለት ዙር ልብስ፣ ሁለቴ ማለቅለቅ፣ ጀሪካኑ ባለ 20 ሊትር»።

ግራው ሁልጊዜ ሴሚ፣ ቀኙ ሁልጊዜ ፉል ይሁን፤ እስከ መጨረሻው አይለዋወጡ። ተራ ለማዳረስ ብለው ቦታ የሚቀያይሩ አሉ። ሐሳባቸው ቅን ነው፣ ውጤቱ ግን ግርግር፤ አንባቢው አራተኛው ስላይድ ላይ የቱ የቱ እንደሆነ ለማየት ወደኋላ ይመለሳል፣ ወይም ጥሎ ይወጣል። ቀለሙም ሁለት ገለልተኛ ቀለም ይሁን፤ እኔ ሰማያዊና የሸክላ ቀለም እጠቀማለሁ። አረንጓዴና ቀይ ከተደረጉ ቁጥሩ ሳይነበብ ፍርድ ተሰጥቷል። አመልካች ምልክት፣ ዘውድ፣ እሳት ኢሞጂም እንደዚያው።

አንድ ትንሽ ነገር፣ ግን ብዙ ጊዜ የምትረሳ። ኢንስታግራም ስላይዱን ሲከፍቱት ቀኝ ላይኛው ጥግ ላይ 1/9 የሚል ቁጥር ይለጥፋል። የቀኙን ዕቃ ስም እዚያ ጥግ ላይ ካስቀመጣችሁ ይሸፍነዋል፤ ግራው በስሙ ይጠራል፣ ቀኙ ስም አልባ ይቀራል። ከላይ 120 ፒክስል ባዶ ተዉ።

ፊደሉን Noto Sans Ethiopic አድርጉ፤ በነጻ ይገኛል፣ ድምቀቱም ብዙ ደረጃ አለው። ለሁለቱም ዓምድ አንድ ድምቀት። ካንቫ ላይ የመረጣችሁት ፊደል አማርኛ ከሌለው ሳይነግራችሁ በሌላ ይተካዋል፤ ስልክና ኮምፒውተር ላይ የተለያየ መስሎ ከታያችሁ ምክንያቱ ያ ነው።

አራተኛ፦ ስላይዶቹ

የመጀመሪያው ስላይድ ላይ ጥያቄው ብቻ፦ «ሴሚ ወይስ ፉል አውቶማቲክ? ቤትዎ ይወስናል።» ሁለቱ ማሽኖች በአንድ ርቀት፣ በአንድ ከፍታ፣ በአንድ መብራት የተነሱ ይሁኑ። ከአምራቹ የተላከ የሚያብረቀርቅ የፉል ፎቶ ከጎኑ በስልክ መጋዘን ውስጥ ከተነሳ ሴሚ ጋር ከቆመ ንጽጽሩ ሳይጀመር አለቀ። ግርጌው ላይ የጋራቸው፦ ሁለቱም 7 ኪሎ፣ ዋስትናቸው እኩል።

ሁለተኛው ስላይድ ላይ ቆም በሉ። ኢንስታግራም አንድ ሰው የመጀመሪያውን አይቶ ሳይገፋ ካለፈ ብዙ ጊዜ በሌላ ሰዓት ሁለተኛውን ያሳየዋል። ስለዚህ ሁለተኛው ለብዙ ሰው የመጀመሪያ ነው፤ ከፊቱ ያለውን ሳያዩ ሊገባ ይገባል። ወሳኙን ጥያቄ፣ ውሃን፣ እዚህ አስቀምጡት፤ የሁለቱንም ስም በሙሉ ጻፉ።

በግራ፦ «ሴሚ፦ በባልዲ ይሞላል»። በቀኝ፦ «ፉል፦ ግፊት ያለው ቧንቧ ይፈልጋል»። ከታች ሙሉ ወርዱን የያዘ አንድ ሥዕል፤ ሮቶ፣ መቆሚያው፣ ቧንቧው፣ በመካከላቸው ቀስት። ቁጥሩ ቀላል ነው። አንድ ሜትር የውሃ ከፍታ 0.1 ባር ግፊት ይሰጣል። ብዙ ፉል አውቶማቲክ መመሪያ ላይ ዝቅተኛው ግፊት 0.05 ሜጋ ፓስካል ተብሎ ተጽፏል፤ ያም 0.5 ባር ነው፣ አምስት ሜትር ከፍታ። ሮቶው ሦስት ሜትር መቆሚያ ላይ ሆኖ የማሽኑ መግቢያ አንድ ሜትር ላይ ቢሆን የሚቀረው ሁለት ሜትር ነው፤ 0.2 ባር፣ አይበቃም። የምትሸጡት ሞዴል መመሪያ ላይ 0.03 የሚልም ሊኖር ስለሚችል የራሳችሁን እዩና ሜትሩን በዚያ አውጡ። ስላይዱ ላይ ባርም ሜጋ ፓስካልም አይጻፍ፦ «ከማሽኑ መግቢያ እስከ ሮቶው ግርጌ፦ ቢያንስ 5 ሜትር፣ ካልሆነ የውሃ መግፊያ ፓምፕ»። ፉሉ ጨርሶ አይሆንም አላልንም፤ ምን እንደሚያስፈልገው ነው የተናገርነው።

ሦስተኛው የጀሪካኑ ስላይድ ነው፤ ቢጫ ጀሪካኖቹን በቁጥራቸው ሳሉ፣ መጠናቸው አንድ ይሁን። የሚበልጠውን በጀሪካኑ ግዝፈት አታሳዩ፤ እጥፍ ቁመት ያለው ሥዕል ለዓይን አራት እጥፍ ይመስላል። አራተኛው ባለ ሁለት መስመሩ ሰዓት። መስመሮቹ ሁለቱም ከዜሮ ይጀምሩ።

አምስተኛው መብራት። እዚህ ገዢው የሚጠይቀው ስለ ኪሎ ዋት አይደለም፦ «ምጣድ ጥጄ ማጠብ እችላለሁ?» ነው። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን እስከ 3.5 ኪሎ ዋትና ከዚያም በላይ ይስባል። ፉሉ ውሃ ሲያሞቅ 2 ኪሎ ዋት ገደማ ይጨምርበታል፤ አሮጌ መስመር ያለው ቤት ብሬከሩ ይወርዳል። ሴሚው ውሃ ስለማያሞቅ ሞተሩ ከግማሽ ኪሎ ዋት በታች ነው። ይህ ለሴሚው ያደላ እንዳይመስል ፉሉ በቀዝቃዛ ውሃም እንደሚያጥብ መጻፍ አለበት፤ ለሴሚውም ውሃ ለብ ማድረግ ከተፈለገ ምድጃ ላይ እንደሚጣድ። መብራት መሃል ላይ ሲጠፋ ሴሚው ክዳኑ ተከፍቶ በእጅ ይጨረሳል፤ ፉሉ በሩ ተቆልፎ ውሃውን እንደያዘ ይጠብቃል፣ ብዙዎቹ መብራቱ ሲመለስ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ስድስተኛው የፎጣው ሚዛን፤ ከላይ ተብሏል።

ሰባተኛውና ስምንተኛው ጥንድ ናቸው፣ እዚህ ላይ ብቻ ከሕጌ እወጣለሁ። እስካሁን ሁለቱም ዕቃ በየስላይዱ ላይ አብሮ ቆሟል፤ አንዱን ዕቃ በአንድ ስላይድ፣ ሌላውን በሚቀጥለው ካስቀመጣችሁ ሰው ቁጥር ይዞ አይሻገርም። ቦታ ግን ቁጥር አይደለም። የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት ውስጥ ስልኩን መደርደሪያ ላይ አስራችሁ፣ ሳታንቀሳቅሱ፣ መጀመሪያ ሴሚውን ቀጥሎ ፉሉን አንሱ። በሩ፣ ባልዲው፣ ሲንኩ በሁለቱም ፎቶ እዚያው ቦታ ላይ ስላሉ ጣት ሲገፋ የሚለወጠው ማሽኑ ብቻ ይሆናል። ሴሚው በወርዱ ሰፊ እንደሆነ፣ ፉሉ ደግሞ በሩ ወደ ፊት ሲከፈት መተላለፊያውን እንደሚዘጋ ያለ አንድ ቃል ይታያል። የፉሉ በር ክፍት ሆኖ፣ የሴሚውም ክዳን ክፍት ሆኖ ይነሳ፤ ተዘግተው የሚውሉበት ቤት የለም።

ዋጋ የት ገባ? እኔ ዘጠነኛው ላይ ከማጠቃለያው ጋር አላደርገውም፤ በምስሉ ውስጥም አልጽፈውም። የማሽን ዋጋ በየሳምንቱ ይቀያየራል፤ ካሩሰል ከወጣ በኋላ ደግሞ ጽሑፉ እንጂ ምስሉ አይታረምም። ስለዚህ ዋጋው ከምስሉ ሥር ባለው ጽሑፍ ውስጥ፣ ከታየበት ቀን ጋር ይግባ። ስታስገቡ ግን «ማሽኑ» እና «ሥራ እስኪጀምር የሚወጣው» ብላችሁ ለዩት። ለፉሉ የቧንቧ መግጠሚያ፣ እንደ ቤቱም ፓምፕ፣ ለማሽኑ ብቻ የተሳበ ሶኬት ይጨመራል፤ አረፋው የሚያንስ የአውቶማቲክ ሳሙናም እንዲሁ። ሴሚው ላይ የሚጨመር ነገር ትንሽ ነው፣ ግን የሚያጥበው ሰው ጉልበት ዋጋ አለው፤ በብር ልትተምኑት አትሞክሩ፣ አራተኛው ስላይድ ላይ በደቂቃ ተቆጥሯል።

ዘጠነኛው መንገዱ ለሁለት የሚለያይበት ነው። «አሸናፊው» የሚል ነገር አይኑርበት። ሁለት ሳጥን፣ በእያንዳንዱ ሦስት ዐረፍተ ነገር፣ ሁሉም ስለ ገዢው ቤት። በግራ፦ «ውሃዎ በፈረቃ ከሆነና ሮቶዎ መሬት ላይ ከሆነ። ልብስ የሚያጥብ ሰው ቤት ካለ። ምጣድና ማጠቢያ ባንድ ቀን ከሆነ።» በቀኝ፦ «ሮቶዎ ከማሽኑ መግቢያ ቢያንስ 5 ሜትር ከፍ ካለ ወይም ፓምፕ ካለዎት። ማታ ገብተው የሚያጥቡት እርስዎ ከሆኑ። ልብስ ማስጫ ቦታ ጠባብ ከሆነ።» ቁጥራቸው እኩል፣ ርዝመታቸውም ተቀራራቢ። ለአንዱ አራተኛ ምክንያት ቢመጣላችሁም ተዉት፤ ወይም ለሌላውም ፈልጉለት። ካጣችሁለት ግን ያ ዕቃ በእርግጥም ለጥቂት ሰው ብቻ ነው፤ እሱን በግልጽ መጻፍ ነው እንጂ ምክንያት መፍጠር የለም።

አምስተኛ፦ ሳይወጣ መፈተን

ዕቃውን የማያውቁ አራት አምስት ሰዎች ፈልጉና በስልክ አሳዩአቸው። «የቱን ትገዛለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ይህን የሠራው ሰው የቱን መሸጥ የፈለገ ይመስልሃል?» በሉ። መልሳቸው ከተከፋፈለ፣ ወይም «እኔ እንጃ» ካሉ፣ ይውጣ። ሁሉም አንዱን ከጠሩ የቱ ስላይድ ላይ እንደገባቸው አስጠቁሙ። የእኔን ሁለተኛ ሙከራ ያጋለጠችው ጎረቤቴ ናት፤ ጣቷን ፎቶው ላይ አድርጋ «ፉሉ አጠገብ አበባ አስቀምጠሃል» አለችኝ። አላስተዋልኩትም ነበር።

ሌላው ፈተና ስሞቹን ማቀያየር ነው። የስላይዱን ኮፒ አውጥታችሁ «ሴሚ» ያለበት «ፉል»፣ «ፉል» ያለበት «ሴሚ» አድርጉ፣ ከዚያ ገላጭ ቃላቱን ብቻ አንብቡ። «ብቻ»፣ «እንኳ»፣ «ሙሉ በሙሉ»፣ «ያለ ምንም ድካም» የሚሉት ቃላት ወደ አንድ ወገን ተከማችተው ታገኟቸዋላችሁ። «15 ደቂቃ ብቻ» ከተባለ ሌላኛውም «5 ደቂቃ ብቻ» ይባል፣ ወይም ከሁለቱም «ብቻ» ይውጣ። ማውጣቱ ይሻላል።

ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉ አንድ አልበም የሚይዘው እስከ አሥር ምስል ነው፤ ዘጠኙ ይገባሉ። ነገር ግን ቴሌግራም አልበሙን ለመገፋት ሳይሆን እንደ ሞዛይክ ይደረድረዋል፤ ትንንሾቹ ሳጥኖች ቅደም ተከተላቸው አይታይም። የስላይዱን ቁጥር ምስሉ ላይ ግራ ታችኛው ጥግ ላይ ጻፉ፤ ስትመርጡም በቅደም ተከተል ንኩ።

ከወጣ በኋላ አስተያየቶቹን እንደ ሜትር አንብቡ። «እሺ፣ ግን የቱ ይሻላል?» የሚለው ከበዛ ዘጠነኛው ስላይድ አልሠራም፤ ሁኔታዎቹ ደብዛዛ ናቸው ማለት ነው፣ «ውሃ በቂ ከሆነ» ዓይነት። ሰዎች ስለ ማሽኑ ትተው ስለ ቤታቸው መጻፍ ከጀመሩ ሠርቷል። ሦስተኛውን ሙከራዬን ስለጥፍ መጀመሪያ የገባው መልእክት «ሮቶዬ ጋራዡ ጣሪያ ላይ ነው፣ ከማሽኑ ቦታ እስከዚያ በሜትር እንዴት ልለካ?» የሚል ነበር። ገመድ ጫፉ ላይ ድንጋይ ታስሮ ከሮቶው ግርጌ ይወርዳል፣ የማሽኑ ውሃ መግቢያ ትይዩ ላይ ቋጠሮ ይደረግበታል፣ ከዚያ ገመዱ መሬት ላይ ተዘርግቶ በሜትር ይለካል። እሱን ጻፍኩላቸው። ማታ 4 ሜትር ከ20 መጣ ብለው መለሱ፤ መመሪያው ላይ ያለውን ቁጥር አይተን ስለ ፓምፑ ዋጋ ተነጋገርን።